ነጠላ፣ ሱሪና የሰው ዓይን

ይህን የደብረ ብርሃን ውርጭ ችላችሁ መጥታችኋል። ከዚህ ሆኜ ሳያችሁ ጋቢ ያልደረበ፣ ጃኬቱን ያልቆለፈ ሰው አይታየኝም። በ2,800 ሜትር ላይ በተቆረቆረ ከተማ መሸፈን መጀመሪያ የብርድ ጉዳይ ነው፤ የጨዋነትና የነውር ጉዳይ የሚሆነው ቀጥሎ ነው።

የተጋበዝኩት ስለ ሴት ልጅ አለባበስ እንድናገር ነው። ሴቶች ምን ይልበሱ የሚለውን ልወስን አልመጣሁም፤ ለዚህ የሚፈልገኝም ያለ አይመስለኝም። የመጣሁት ፍርዱ እንዴት እንደሚሰጥ አብረን እንድናይ ነው። አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ «ጨዋ ናት» ወይም «ዓይን አውጣ ናት» የሚል ፍርድ በአንድ አፍታ ይሰጣል። ፈራጁ ምን አይቶ ነው? ብዙዎቻችን «ገላዋን አይቶ» ብለን እንመልሳለን። እኔ ግን የሚፈረደው በታየው ገላ ልክ አይደለም እላለሁ። ሰው የሚያየው ሴቲቱ የት እንደቆመች፣ በማን ፊት እንዳለች፣ የማን ልጅ ወይም የማን ሚስት እንደሆነች ነው፤ ልብሱ ለዚያ ምልክት ሆኖ ይነበባል። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ወደ ድሮው የሸማ ሥርዓት እሄዳለሁ። ከዚያ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል እንወርዳለን። ቀጥሎ ሱሪ አለ፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በመጨረሻም ወደ መንገዱና ወደ ሕጉ እመጣለሁ።

እንግዲህ ከሸማው ልጀምር። በደጋው አገር ሸማ ብርድ ከመከላከል ሌላ ብዙ ሥራ ነበረው። ሳይመን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሸማ አለባበስ ያለ ቃል የሚነገር ንግግር መሆኑን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ለእናንተ ግን ሜሲንግ አያስፈልጋችሁም፤ ከእናንተ ውስጥ ለቅሶ ቤት ስትሄድ የነጠላዋን ጥለት ዘቅዝቃ ወደ ላይ የማታደርግ እናት የለችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን መስቀለኛ ታጣፋለች። እንግዳ ስታስተናግድ ወገቧ ላይ ታደገድጋለች። ያው አንድ ነጠላ ነው፤ ከሩቅ ያየ ጎረቤት ግን ወዴት እንደምትሄድና ምን እንደደረሰባት ሳይጠይቅ ያውቃል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ የረሳነው አንድ ነገር አለ። መገለጥ ሁልጊዜ ብልግና አልነበረም። ወንድ በንጉሥ ወይም በትልቅ ጌታ ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ደረቱን ገልጦ፣ ወገቡ ላይ አደግድጎ ነበር የሚቆመው። ይህ የአክብሮት ምልክት ነው። ተሸፋፍኖ የሚቀመጠው ጌታው ነበር፤ አንዳንዴም ሸማውን እስከ አፍንጫው ያደርሰዋል። በጌታው ፊት ተከናንቦ የቆመ አሽከር ዱላ ይገባው ነበር። ስለዚህ ለወንዱ መገለጥ ትሕትና፣ መሸፈን ልዕልና ነበር ማለት ነው።

የሴቷስ? እሷ ዘንድ ጨዋነትና ልዕልና ተጣብቀው ነው የሚገኙት። ወይዘሮዋ በበቅሎ ስትሄድ ፊቷን በሸማ ሸፍና፣ ዓይኗ ብቻ እየታየ፣ በአሽከርና በደንገጡር ተከብባ ነበር። ገረዲቱ ግን ውኃ ስትቀዳ፣ እህል ስትፈጭ፣ እንጨት ስትሸከም ክንዷም ትከሻዋም ይታያል፤ ተሸፍኖ መፍጨት አይቻልምና። በወይዘሮዋ ላይ «ጨዋ» የተባለው መሸፈን፣ አንዱ ሥሩ እጇ ሥራ ስለማይነካ ነው። የገረዲቱን ክንድ ማንም ነውር ነው ብሎ አልተቆጣም፤ ክብር ያላት ሰው ተደርጋ ስላልተቆጠረች ክብሯ ይጎድፋል ብሎ የሚሰጋላት አልነበረም። ዛሬ «የእናቶቻችን አለባበስ» ስንል የየትኛዋን እናት እንደምናስብ ልብ ማለት ይገባል። ብዙ ጊዜ በዓይነ ሕሊናችን የምትመጣው ባለ ጥበብ ቀሚሷ፣ ሠርግና ጥምቀት የዋለችዋ ናት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የምንለው እኮ ያ ቀሚስ የዘወትር ልብስ ስላልነበረ ነው።

ገላ በመጠኑ አይፈረድበትም ላልኩት ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ማስረጃ አለ። ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ ወደዚህ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ልጅ ያቀፈች እናት ትሳፈራለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቱ ጡቷን አውጥታ ታጠባዋለች። አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ወሬውን አያቋርጥም፤ እንዲያውም «እሰይ፣ ይጥባ» ይላል። ሁለት ወንበር አልፎ ታይት ያደረገች ተማሪ ተቀምጣለች፤ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አንድ ጣት ገላ አይታይም። ደብረ ብርሃን እስኪደረስ ስለ ዘመኑ መበላሸት ወሬ የሚወራው በእሷ ነው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ገላዋ የታየው እናቲቱ ናት። ግን እናት ናት፤ ለምን እንደገለጠችው ሁሉም ያውቃል፤ ጡቱም የልጁ ነው። የተማሪዋ አለባበስ ግን ለማን እንደሆነ ሰው ማወቅ አልቻለም፤ ለራሷ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ አይታሰብም። የማንም ያልሆነ ሲመስል ሁሉም የሚፈርድበት ይሆናል።

አሁን ወደ አንኮበር ልውሰዳችሁ። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከነበረው ተራራ ስንደርስ፣ ከሥራችን ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው መንገድ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚነሳው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው፣ አሞሌውም የሚራገፈው እዚያ ነበር። በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ንጉሡ የተላከው የእንግሊዙ ሻለቃ ሐሪስም የገባው በዚሁ በር ነው። አልዩ አምባ የአርጎባዎች፣ የእስላሞች ከተማ ነው። ከአንኮበር የወረደችው ክርስቲያን ሴት፣ የከተማዋ አርጎባ ሴትና ከበረሃ የወጣችው አፋር እዚያ ገበያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ።

የሦስቱን አለባበስ አስቡት። የደጋዋ ሴት ቀሚሷ ረጅም ነው፤ መቀነቷን ታጥቃ ነጠላዋን ደርባለች፤ ጸጉሯ ግን ሹሩባ ተሠርቶ ከፊት ሊታይ ይችላል። ለአርጎባዋ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ጸጉሩ ነው፤ እሱ ከተሸፈነ ነው ሥርዓት ያለው። አፋሯ ዘንድ ሌላ ነው። በድሮው ልማድ ልጃገረድ ከወገቧ በላይ ዶቃና ጨሌ እንጂ ብዙ ልብስ የላትም ነበር፤ ስታገባ ጥቁር ሻሽ ታስራለች። ያላገባች ልጅ ሻሽ ብታስር፣ ወይም ያገባች ሴት ራሷን ብትገልጥ ነውር ይሆናል፤ ደረት ግን እንደዚያ አይቆጠርም ነበር። እኛም ደጋ ላይ የዚህ አምሳያ ነበረን፤ መሐል ራሷን ተላጭታ ዳር ዳሩን ጸጉር የምታስቀር ልጅ «ሳዱላ» ናት፤ ጸጉሯ ሲያድግ የጋብቻ ነገር መጣ ማለት ነው።

በዚያ ገበያ ላይ ሦስቱም ሴቶች በየቤታቸው የተከበሩ ናቸው፤ ሦስቱም አንዷ ሌላዋን አይታ «ምነው እንዲህ?» ልትል ትችላለች። ይሁንና ጨው ተገዝቷል፣ በርበሬ ተሸጧል፣ ሸማ ተለውጧል። ይህን የምለው የጥንቱን መቻቻል ለማሞገስ አይደለም፤ ፍርድ ይኖር ነበር፣ ስድብም አይጠፋም። ነገሩ ግን አንዱ በሌላው ላይ የሚፈርደው በሩቅ ሆኖ ነበር። አንኮበሬው የአፋሯን ደረት አይቶ «የበረሃ ሰው ልማድ ነው» ብሎ ያልፋል። የገዛ እህቱ ልጅ ክንዷን ብትገልጥ ግን አያልፍም። ኃይለኛው ፍርድ የሚወድቀው የእኛ ናት በምትባለዋ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከተማችን ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ጎብኚ ቁምጣ አድርጋ ብታልፍ ሕፃናት ብቻ የሚከተሏት፣ የሰፈራችን ልጅ ግን በዚያው ቁምጣ እናቷን ጭምር የምታሰድበው። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የተባለውን ሰው ገልብጦም ይጠቀምበታል፤ ልጅቷን አይቶ እናቷ ላይ ይፈርዳል።

ከዚህ ወደ ሱሪው እንለፍ። ሱሪ የሚያስገርም ልብስ ነው፤ ከቀሚስ የበለጠ ይሸፍናል፤ ነቀፋ የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ይሞቃል። በየገጠሩ ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ የሚያደርጉ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው፤ ማንም ምንም አይላቸውም፤ ቀሚሱ ከላይ አለና። ይህም አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች፣ ባለጸጋ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሐር የተጠለፈ ሱሪ ያደርጉ እንደነበር ጽፈዋል፤ በቅሎ ላይ ለመቀመጥ ይመቻላ። ስለዚህ ሱሪ የሴት እግር ላይ መዋሉ አላስቆጣም። ያስቆጣው ቀሚሱ ከላይ መነሳቱ ነው።

የሴት አለባበስ የከተማ ጠብ የሆነው በአያቶቻችሁ ዘመን ነው፤ ያኔ ጠቡን ያስነሳው አጭር ጉርድ ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ ትርኢቱን ሊያዩ የመጡትን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ሰደቡ፤ እንቁላል ወረወሩ፤ ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ተማሪዎቹ ምክንያታቸው ፖለቲካ ነበር፤ ገበሬው በሚራብበት አገር የምዕራቡን ቅንጦት ማሳየት ባርነት ነው አሉ። ምክንያቱ ራሱ የሚናቅ አልነበረም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ፊውዳሊዝምን እንገለብጣለን የሚሉ፣ ከቤተ ክህነትና ከመኳንንት ጋር በምንም የማይስማሙ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ከመኳንንቱ ጋር ተስማሙ፤ አገሪቱ የምትዋረደው በሴቶቿ ጉርድ ነው በሚለው። ጉርዱን የተቃወመው ተማሪ ሱሪና ኮት ለብሶ ነበር፤ ያ ኮት ከየት እንደመጣ የጠየቀው የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አልነበረም። በዚያው ዘመን የታንዛኒያ ገዢ ፓርቲ ወጣቶች አጭር ጉርድና ጠባብ ሱሪ ላይ ዘመቻ ከፍተው ነበር። ማላዊ ውስጥ ፕሬዚዳንት ባንዳ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕግ ሴቶች ሱሪ እንዳይለብሱ ከለከሉ፤ ሕጉ 20 ዓመት ገደማ ጸንቶ ቆየ። ባንዳ ራሳቸው ባለ ሦስት ክፍል የእንግሊዝ ሱፍ ለብሰው ነበር የሚታዩት። ባህል የመጠበቅ ሥራ ሲከፋፈል ለሴቶች የሚደርሳቸው ድርሻ ሁልጊዜ ይበዛል።

አሁን ወደዚህ ከተማ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ ከየወረዳው ብዙ ወጣት ሴቶች መጡ። አንዲቷን እንውሰድ፤ ከብዙዎቹ የተውጣጣች ናት እንጂ አንዲት የማውቃት ሰው አይደለችም። ከአንኮበር በታች ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች፤ ምናልባት የምትሰፋው ሱሪ ይሆናል። ለሥራው ቀሚስ አይመችም፤ ሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ደግሞ ብርዱ ይገድላል። ስለዚህ ጂንስ ታደርጋለች፣ ጃኬት ትደርባለች፣ ራሷን በሻርፕ ትጠቀልላለች። እሑድ ንጋት ከፈረቃ ወጥታ ቤቷ ሳትገባ ልትሳለም ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ትላለች።

ደጃፉ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ቆሟል። «እህት፣ በሱሪ አይገባም» ይላታል። ሦስት አማራጭ አላት። አንደኛው ቤቷ ሄዳ ቀይራ መመለስ ነው፤ ያኔ ቅዳሴው ያልቃል፣ እንቅልፍም ይጥላታል። ሁለተኛው አጠገቧ ካለች ሴት ነጠላ ለምና ከሱሪዋ በላይ ወገቧ ላይ እንደ ሽርጥ ማገልደም ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ተቀባይነትም አለው። ሦስተኛው ከደጅ ሆና ግድግዳውን ተሳልማ መሄድ ነው። ብዙዎቹ ሦስተኛውን ይመርጣሉ፤ ጥቂት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ጎራ ማለቱንም ይተዉታል።

ስለ ወጣቱ ፍትሐዊ እንሁን። ያስቆማት ደንብ የተጻፈና የታወቀ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በቅጥሯ ውስጥ ሥርዓት የማውጣት መብት አላት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሴት ራሷን ሸፍና እንድትጸልይ ያዝዛል፤ በዚያው ቦታ ወንድም ራሱን ገልጦ እንዲጸልይ ያዝዛል፤ ሁለቱም ይከበራል። ይህ ሥርዓት ለሁለቱም ስለሆነ ማንም ተዋረድኩ አይልም። ሱሪን በሚመለከት የሚጠቀሰው ግን ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ነው፤ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ፣ ወንድም የሴት አይልበስ የሚለው። ከዚያው ስድስት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 11 ላይ፣ ከበግ ጠጉርና ከተልባ እግር ተደባልቆ የተሠራ ልብስ እንዳይለበስ ይከለክላል። የበግ ጠጉር አገር የሆነው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደጃፍ ላይ ቆሞ የጃኬት ውስጥ ምልክት የሚያነብ ወጣት አይቼ አላውቅም። ካህናት አባቶቼ ፈገግ ስትሉ አያችኋለሁ፤ መልሳችሁንም አውቀዋለሁ፤ ኦሪትን የምናነበው በአባቶች ትምህርት ነው ትላላችሁ። ትክክል። እንግዲያው የወንድ ልብስና የሴት ልብስ የቱ እንደሆነ የሚወስነው የየዘመኑ የአባቶች ልማድ ነው ማለት ነው፤ ልማድ ደግሞ ከዚህ በፊት ተለውጧል። ወገብ ላይ የታሰረች ነጠላ መንገድ የከፈተችውም ለዚህ ነው፤ ሱሪው ከሥር እዚያው አለ፤ የተለወጠው ከላይ የሚታየው ብቻ ነው። ልክ እንደ ድሮዋ ባለ በቅሎ ወይዘሮ።

በእኔ አስተያየት ችግሩ ደንቡ ላይ ሳይሆን አፈጻጸሙ ላይ ነው ያለው። በብዙ ሰው መሐል ድምፅ ከፍ አድርጎ «ሱሪ!» ብሎ መጮኽና ቀስ ብሎ ነጠላ ማቀበል አንድ አይደሉም። በር ላይ የሚቆመው ሴት ከሆነች፣ አጠገቧም ሁለት ሦስት የውሰት ነጠላ ከተሰቀለ፣ ያቺ ልጅ ቅዳሴ ታስቀድሳለች። ነጠላ ርካሽ አይደለም፤ ሦስቱ ልጆች በአንድ ነጠላ የሚፈራረቁ ከሆነ እሑድ ማልዳ የምትወስደው አንዷ ብቻ ናት። ይህን ደጃፍ ላይ የቆመው ወጣት አያውቅም፤ የሚያየው ንቀት ይመስለዋል።

ይህችው ልጅ ለበዓል ወደ ቤቷ ስትሄድ ምን እንደምታደርግ ልጨምር። መኪናው ውስጥ እያለች፣ የመንደሯ መውረጃ ሳይደርስ፣ ከቦርሳዋ ሰፊ ጉርድ አውጥታ ከጂንሱ በላይ ትደርባለች፤ ነጠላዋን ታጣፋለች። እናቷ ሱሪ እንደምታደርግ ያውቃሉ፤ ሱሪው ኃጢአት ነው ብለውም ላያስቡ ይችላሉ። የሚፈሩት ውኃ ሲወርዱ የሚሰሙትን ነው፤ «የእገሊት ልጅ ከተማ ገብታ ተበላሸች»። ልጅቱ ደመወዟን ልካ የወንድሟን ደብተር መግዛቷ እዚያ ወሬ ላይ አይነሳም። የምትደርበው ጉርድ ለእናቷ የምታመጣው አንዱ ስጦታ ነው፤ እንደ ስኳሩና እንደ ቡናው።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ መንገዱ ልምጣ። ቤተ ክርስቲያን ደንብ አላት፤ ፋብሪካም ደንብ አለው። መንገድ ግን የተጻፈ የአለባበስ ደንብ የለውም። የወንጀል ሕጋችን የሚቀጣው በአደባባይ የሚፈጸም አጸያፊ ድርጊትን ነው፤ የቀሚስ ርዝመት የሚለካ አንቀጽ የለውም። ሕግ የተወውን ቦታ ግን የመንገድ ዳር ጎረምሳ ሞልቶታል። «ለከፋ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ በምክር መልክ ይመጣል፤ «ሥርዓት ያዢ»፣ «እንዲህ ለብሰሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይላል። ብትሸፈን እንደምታርፍም ይነገራታል።

በእርግጥ ታርፋለች? ለዚህ መልስ የገጠሩ አገራችን ታሪክ በቂ ነው። ጠለፋ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሚስት ማግኛ ከነበሩት መንገዶች አንዱ ነበር። የሚጠለፉት ልጃገረዶች እነማን ነበሩ? ከወንዝ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ፣ ከገበያ የሚገቡ፣ እንጨት የሚለቅሙ ናቸው። ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ መቀነታቸው የጠበቀ፣ ራሳቸው የታሰረ። ሚኒ ጉርድ በስም እንኳ አይታወቅም ነበር። ልብስ ከጥቃት የሚያድን ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች ሁሉ በዳኑ ነበር። የጠላፊው ምክንያትም ገላዋ ታይቶ አልነበረም፤ ወይ ወላጆቿ እምቢ ብለውታል፣ ወይ ጥሎሽ የለውም፣ ወይ ቂም አለ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበት ቀዳዳ ነበረው። ያንን ቀዳዳ የደፈነው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻው ክሱን አያስቀርም። አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 ስለ ኃይል፣ ስለ ማስፈራራት፣ መከላከል እንዳትችል ስለ ማድረግ ይናገራል። ምን ለብሳ ነበር የሚል ጥያቄ በአንቀጹ ውስጥ የለም። ጥያቄው ያለው በጣቢያው፣ በሠፈሩ፣ አንዳንዴም በገዛ ቤቷ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ቃል ስትቀበሉ ይህን ጥያቄ የምትጠይቁት ማስረጃ ለመያዝ ከሆነ፣ ማለትም የተቀደደ ልብስ ለምርመራ እንዲቀመጥ ከሆነ፣ ጥሩ ነው፤ ልብሱን ሳታጥብ እንድታመጣው ንገሯት። ለሌላ ጉዳይ ከሆነ ግን መዝገቡ አይፈልገውም።

አንድ ነገር ሳልል ብወርድ ቅር ይለኛል። እስካሁን የተናገርኩት በመገለጥ ስለሚመጣ ፍርድ ነው፤ የሸፈነችውም አትተርፍም። በ2017 ዓ.ም. የአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ቤት መከልከላቸው አገር ያነጋገረ፣ ፍርድ ቤትም የደረሰ ጉዳይ ሆኗል። እነዚያ ልጆች የተከለከሉት ጸጉራቸውን ስለሸፈኑ ነው፤ በየደጃፉ «ሸፍኚ» የሚባልባት አገር ውስጥ። በግቢዎቻችንም ነጠላዋን ከራሷ የማታወርድ፣ ቀሚሷን መሬት የምታስነካ ተማሪ «መነኩሲት» የሚል ስም ይወጣላታል፤ «ምን ደብቃ ነው?» ይባላል። ያቺ ተማሪ ነጠላዋን ያደረገችው በእምነት ሊሆን ይችላል፤ ቅያሪ ልብስ አጥታ የተቀደደውን ለመሸፈን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ልክ እንደ እኔና እንደ እናንተ ስለበረዳት።

እንግዲህ ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላቁም። ካህናት አባቶች ስለ ዘዳግም 22 የምትሉት እንዳለ ስለገመትኩ የመጀመሪያውን ዕድል ለእናንተ እሰጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ከኋላ ቆማችሁ ያላችሁት እህቶች ወደ ፊት መጥታችሁ ተቀመጡ፣ ወንበር አለ።